«ቅዳሜ ጠዋትን ለራሴ ብፈልግ ባሌን በደልሁ?»

እንደምን ከረሙ። 30 ዓመቴ ነው። ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ ስሆን የምሠራው በአንድ መድኃኒት ቤት ነው። ትዳር ከያዝሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ ልጅ ገና አልወለድንም። ባለቤቴን የተዋወቅሁት ለሥራ ከደሴ መጥቶ ነው። ጥሩ ሰው ነው፤ አይጠጣም፣ እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም፣ ደመወዙን ይዞ ቤቱ ይገባል። ከሥራ ስወጣ በር ላይ ይጠብቀኛል። ገበያ አብረን፣ ቤተ ክርስቲያን አብረን፣ ዘመድ ጥየቃም አብረን ነው። ከማግባቴ በፊት ቅዳሜ ጠዋት ጣና ዳር ተቀምጬ ወፎችን በእርሳስ እሥል ነበር፤ ከዚያ ከልጅነት ጓደኛዬ ጋር ቡና እንጠጣለን። አሁን ሁለቱም ቀርተዋል። «ጣና ዳር ልሂድ» ስለው «እሺ፣ እንሂድ» ይላል። አብሮኝ ተቀምጦም ሰዓቱን እያየ «ጨረስሽ?» ይለኛል።

ባለፈው ወር «መድኃኒት ቤቱ ቆጠራ አለበት» ብዬ ዋሽቼ ሄድሁ። ሁለት ሰዓት ያህል ብቻዬን ሣልሁ። ደስታዬ ግን ቤት እስክደርስ እንኳ አልቆየም። ዓሣ ገዝቼ ገባሁና የሚወደውን ጥብስ ሠራሁለት፤ «ደክሞሻል፣ ተቀመጪ» ብሎ ሳህኑን ሲያጥብ ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ። የሥዕል ደብተሬን ከጤፍ ማስቀመጫው ጀርባ ደብቄዋለሁ። ለእናቴ ብነግራቸው «ይህማ ጥጋብ ነው፤ ስንቷ እንዲህ ያለ ባል አጥታ!» አሉኝ። እውነት ጥጋብ ይሆን? ልንገረው ወይስ ሥዕሉንም ጓደኛዬንም እርግፍ አድርጌ ልተው?

የጣና ዳሯ፣ ከባሕር ዳር

ውድ እኅቴ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ የቆመው ዓሣው ላይ ነው። ያ ምሳ ካሳ ነበር። ለመሆኑ ካሳውን የከፈልሽው ለየትኛው ጥፋት ነው? በዚያ ቅዳሜ ሁለት ነገር አድርገሻል፤ አንደኛው ብቻሽን መቀመጥሽ፣ ሁለተኛው የት እንዳለሽ መዋሸትሽ። አንቺ ግን ሁለቱን ሳትለያዪ በአንድነት ፈረድሽባቸው።

እስቲ ባለቤትሽ ያን ጠዋት የት እንደነበርሽ በትክክል ያውቅ ነበር እንበል። ጣና ዳር ነሽ፣ ወፍ እየሣልሽ ነው፣ ለምሳ ትመለሻለሽ። ምን ይጎድልበት ነበር? ምናልባት ትንሽ ይከፋው ይሆናል፤ ጠዋቱም ይረዝምበት ይሆናል። ተበድሏል ማለት ግን አይቻልም። አሁን ደግሞ ነገሩን ገልብጪው። እሱ «ሥራ አለኝ» ብሎሽ ወጥቶ ከአንድ ባልደረባው ጋር ሻይ ሲጠጣ ብታገኚው የሚያንገበግብሽ ሻዩ ነው ወይስ «ሥራ አለኝ» ያለው ቃል?

ስለዚህ ስለ ውሸቱ የሚሰማሽ ጸጸት ትክክለኛ ነው። ይቅርታ ሲጠየቅበት ይቀልላል። ስለ ብቸኝነቱ የሚሰማሽ ግን ከጥፋት የመጣ አይደለም፤ «ጥሩ ሚስት እንዲህ ናት» ብለሽ በልብሽ ከያዝሽው ሥዕል የመጣ ነው። የሚስተካከል ጥፋት ስለሌለበት በምንም ካሳ አይለቅሽም። ዓሣው ያላሳረፈሽም ለዚህ ነው። ይባስ ብሎ ደግሞ ያን ጸጸት የሸሸሽው በመዋሸት ነው፤ ውሸቱ ደግሞ ያልነበረውን ጥፋት ወለደ።

በዚሁ ብትቀጥዪ የሚመጣውን ልንገርሽ። ባሕር ዳር ሰፋች ስንላት ትጠባለች። አንድ ቀን አንድ የሥራ ባልደረባው «ሚስትህን ጣና ዳር ሾላው ሥር አየኋት» ይለዋል። እሱ የሚያውቀው ቆጠራ ላይ እንዳለሽ ነው። ቦታው ደግሞ ፍቅረኞች የሚቀጣጠሩበት ነው። «ወፍ እየሣለች ይሆናል» ብሎ የሚያስብ ባል አለ ብለሽ ነው? በምክር ሥራዬ ከማያቸው ጥርጣሬዎች ስንቶቹ ናቸው እንዲህ ካለ ንጹሕ ነገር የሚነሡት! ያን ጊዜ የምትናገሪው እውነት ሁሉ የተያዘ ሰው ማስተባበያ ይመስላል። ለሥዕልሽ ስትዪ ብቻ እንኳ መደበቁ አያዋጣሽም።

በእናትሽ አትቀየሚ። እንዲያ ያሉሽ ትዳርሽ እንዳይናጋ ፈርተው ነው። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ብትጠይቂያቸው ደስ ይለኛል፤ ማኅበር ነበራቸው? በወር በ21 የማርያምን ጽዋ ሲጠጡ አባትሽ አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር? በእሳቸው ዘመን ቡናው የጎረቤት ሴቶች ነበር፣ የገበያ መንገዱም እንዲሁ። ወንዶቹም የራሳቸው ማኅበርና የራሳቸው ጨዋታ ነበራቸው። ልማዱ ራሱ ሰዓቱን ከፍሎ ስለሰጣቸው ማንም ፈቃድ መጠየቅም ማፈርም አላስፈለገውም። የዛሬ ባልና ሚስት ከሥራ ወጥተው ሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ገብተው በሩን ይዘጋሉ። ቀድሞ ልማድ ይሰጥ የነበረውን ዛሬ እያንዳንዱ በአፉ መጠየቅ አለበት፤ በአፍ ሲጠየቅ ደግሞ ራስ ወዳድነት ይመስላል። (ወንዶች ኳስ ለማየት ሲወጡ ይህን ያህል ጸጸት ሲበላቸው አላየሁም። የአንቺ ባል ኳስ ለማየትም ስለማይወጣ ይህን ለእሱ አላልሁትም።) ሁሉን ነገር አብሮ ማድረግ እንግዲህ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ሕግ አይደለም፤ ሁለታችሁ ሳትነጋገሩበት የገባችሁበት አኗኗር ነው።

አሁን ወደ እሱ ልምጣ፤ የነገሩ እምብርት እዚህ ያለ ይመስለኛል። አንቺ ያለሽው በተወለድሽበት ከተማ ነው፤ ቤተሰብሽም፣ የልጅነት ጓደኛሽም፣ ጣናሽም እዚህ ናቸው። ለእሱ ግን ባሕር ዳር ማለት ሥራውና አንቺ ናችሁ። አንቺ ለሁለት ሰዓት ስትወጪ የምትሄጂበት አለሽ፤ እሱ የሚቀረው ከአራት ግድግዳ ጋር ነው። ይህን በደንብ የምታውቂው ይመስለኛል፤ ያ ሁሉ የሚከብድሽም ለዚህ ይሆናል። ስሜቱ ግን ለእሱ ማዘን እንጂ ጥፋተኝነት አይደለም። ለሰው ማዘን ደግ ነው። የሰውን ብቸኝነት እንደ ዕዳ ተሸክሞ በራስ ሕይወት ለመክፈል መሞከር ግን ሁለቱንም ያከሳል። ከማግባታችሁ በፊት ቅዳሜውን በምን ያሳልፍ ነበር? ደሴ ሳለ ምን ይወድ ነበር? ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? እባክሽ ጠይቂው፤ ጠይቀሽው ስታበቂ ግን «እንግዲያው ከእገሌ ጋር ላገናኝህ፣ እዚህ ቦታ ልመዝግብህ» አትበዪ። ቅዳሜውን ራሱ ይፈልገው።

ደግሞስ ሰዓቱን እያየ «ጨረስሽ?» የሚል ሰው ወፍ መመልከት የሚወድ ይመስልሻል? ታዲያ ለምን ይመጣል? ምናልባት «ልሂድ» ስትዪው «ና፣ ውሰደኝ» ያልሽው መስሎት ይሆናል። ምናልባትም ሚስቱን ብቻዋን የሚልክ ባል ግድየለሽ እንዳይባል ፈርቶ ነው። አንቺ እንዳይከፋው ብለሽ ትቀሪያለሽ፤ እሱም እንዳይከፋሽ ብሎ ይመጣል። ይሉኝታ ሁለታችሁንም አስሮ የማትፈልጉት ድንጋይ ላይ አስቀምጧችሁ እንደሆነስ? እርግጠኛ መሆን አልችልም፤ ይህን ሊነግርሽ የሚችለው እሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ንገሪው እላለሁ። ብዙ የሚበላሸው ግን አነጋገሩ ላይ ስለሆነ እዚህ ጥቂት ልዘግይ። ቅዳሜ ጠዋት ቦርሳ በትከሻ ይዘሽ፣ ወይም ዓርብ ማታ ልትተኙ ስትሉ አይሁን፤ ያን ጊዜ የሚሰማው ጥያቄ ሳይሆን ውሳኔ ነው። በሳምንቱ መካከል፣ ከራት በኋላ፣ ቡና ቀርቦ ይሁን። መጀመሪያ ውሸቱን ብቻ ተናገሪ። ጥያቄውን አስቀድመሽ ውሸቱን ብታስከትዪ «ካልፈቀድህልኝ እዋሻለሁ» ያልሽው ይመስላል። እንዲህ ልትዪው ትችያለሽ፦ «ባለፈው ወር ቆጠራ አለ ያልሁህ ውሸት ነበር። ጣና ዳር ብቻዬን ተቀምጬ ስሥል ነበር። ልጠይቅህ ፈርቼ ነው፤ መፍራቴ ግን መዋሸቴን ትክክል አያደርገውም። ይቅርታ አድርግልኝ።» ከዚያ ዝም በዪ። «ምን ላድርግ፣ ብቻዬን አትተወኝም» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ከጨመርሽ ይቅርታው ወደ ክስ ይለወጣል፤ እሱም ስለ ራሱ መከላከል ይጀምራል።

«ከማን ጋር ነበርሽ?» ቢልሽ አትቆጪ። ዋሽተሽዋልና ይህን መጠየቅ መብቱ ነው። በግልጽ መልሺለት፤ ደብተሩንም አምጥተሽ አሳዪው። ቢከፋውና ዝም ቢል ዝምታውን ለማባረር አትሩጪ፤ «ሁለተኛ አልሄድም» ብለሽ አትማዪ። የዚያን ማታ የምትከፍዪው የውሸቱን ዋጋ ነው፤ ሥዕሉን በዚያው አያይዘሽ አትስጪበት።

ጥያቄውን ቢረጋጋ ያኔውኑ፣ ካልሆነም ከቀናት በኋላ አንሺው። ልክ ያለው ጥያቄ ይሁን። «ለራሴ ጊዜ እፈልጋለሁ» ብትዪው መጨረሻው አይታየውም፤ ዛሬ ቅዳሜ፣ ነገ እሑድ፣ ከዚያስ እያለ ይሰጋል። «አፈንኸኝ»፣ «አየር አጣሁ» የሚሉ ቃላትም ከሥዕሉ ይልቅ እሱን በደለኛ ያደርጉታል። «ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ጣና ዳር ብቻዬን ልሣል እፈልጋለሁ። ሳላውቅህም በፊት የምወደው ነገር ነው። በ6 ሰዓት እመለሳለሁ፣ ምሳ አብረን እንበላለን፣ ከሰዓት በኋላው የእኛ ነው» ብትዪው ግን የሚያጣውንም የማያጣውንም ለይቶ ያያል። «ሰለቸሁሽ እንዴ?» ቢል «አልሰለቸኸኝም፤ ሥዕሉን ናፍቄ ነው» በዪው።

«ጊዜው ጥሩ አይደለም» ሊልሽም ይችላል። ሰዓት እላፊ ባየች ከተማ ውስጥ ይህ ሥጋት ሰበብ ነው አይባልም፤ በቁም ነገር ያዥለት። በጠራራ ቀን፣ ሰው በሚመላለስበት ዳርቻ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ተቀመጪ፤ ስትደርሺም ደውዪለት። ያስጨነቀው ደኅንነትሽ ከሆነ በዚህ ይረጋጋል። አንዱን ሥጋት ስትመልሺለት ሌላ፣ ያንን ስትመልሺ ደግሞ ሦስተኛ የሚመጣ ከሆነ ግን የሚያስፈራው መንገዱ አይደለም፤ ያን ጊዜ «በእውነት የሚያሳስብህ ምንድን ነው?» ብለሽ መጠየቅ ይሻላል።

እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪምና የሥነ ልቦና ሊቅ ዶናልድ ዊኒኮት እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣው ጽሑፍ አንድ የሚገርም ነገር ተናግሯል። ሰው ብቻውን መሆንን የሚማረው ብቻውን ተትቶ አይደለም፤ ሕፃን ሳለ እናቱ አጠገቡ እያለች፣ ሳትነካውና ሳታቋርጠው በራሱ ጨዋታ ሲመሰጥ ነው ይላል። ይህን ወደ ቤትሽ አምጪው። አንድ ማታ ጠረጴዛው ላይ ደብተርሽን ዘርጊና ሣዪ፤ እሱ ዜናውን ያዳምጥ ወይም የፈለገውን ያድርግ፤ መጫወት ግዴታ አይሁን። መጀመሪያ «ተቀየምሽኝ?» ብሎ ይጠይቅሽ ይሆናል። አለመቀየምሽን ደጋግሞ ሲያይ ግን ዝም ማለትሽና መራቅሽ አንድ እንዳልሆኑ ይለምዳል። ቅዳሜ የምትሄጂውም ከዚያው ዝምታ ትንሽ ራቅ ወዳለው ነው።

ሲፈቅድልሽ ጸጸቱ የሚተውሽ እንዳይመስልሽ። እንዲያውም በመጀመሪያው ቅዳሜ ይብስብሽ ይሆናል። ዓሣ አጥማጆቹ የዓሣ ሆድ ዕቃ ሲጥሉ ፔሊካኖቹ ተጋፍተው ይመጣሉ፤ አንዱ ክንፉን ሊያደርቅ ሲዘረጋ ለእርሳስሽ የሚሆን ጥቂት ቅጽበት ታገኛለሽ፤ አንቺ ግን በዚያችው ቅጽበት «አሁን ብቻውን ምን እያደረገ ይሆን?» እያልሽ ስልክሽን ታያለሽ። ተቀመጪ። ልታስደስቺው ብለሽ በ4 ሰዓት አትመለሺ፤ በ4 ከተመለስሽ «6 ሰዓት» ያልሽው የምር እንዳልነበር ትነግሪዋለሽ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ 6 ሰዓት መዘግየት ይመስለዋል። በ6 ሰዓት ደግሞ አንዲት ደቂቃ ሳትጨምሪ ተነሺ። ቃልሽን ያዋረድሽው በአንድ ቅዳሜ ነው፤ የምታነሺውም በቅዳሜዎች ነው።

ስትገቢ ባዶ እጅሽን ግቢ። ዓሣውን በሌላ ቀን፣ ስላማረሽ ብቻ ግዢው። በየቅዳሜው ስጦታ ይዛ የምትገባ ሚስት «ዛሬም አጥፍቻለሁ» እያለች ነው፤ እሱም ቀስ በቀስ ያምናታል። ከምሳው በፊት ያየሽውን ጥቂት አጫውቺው። ጓደኛሽ በምሥጢር የነገረችሽን ግን የመንገር ግዴታ የለብሽም። የት እንደነበርሽ፣ ከማን ጋር እንደነበርሽ፣ መቼ እንደምትመለሺ ይወቅ። የጨዋታው ውስጥ ግን የእሷና የአንቺ ነው።

አራት ቅዳሜ ሞክሩትና ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ፤ ይህንንም አስቀድመሽ ንገሪው፣ ለዘለዓለም የፈረመ እንዳይመስለው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምሳ ላይ ቢኮሳተር አይግረምሽ፤ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ መዋል የለመደ ሰው ባዶውን ሰዓት ወዲያው አይወደውም። በአራተኛው ግን ጠይቂው፦ «ጠዋቱን በምን አሳለፍኸው? ምን ይለወጥ?» ምናልባት ሰዓቱን ማሳጠር ይፈልግ ይሆናል፤ ምናልባትም ደሴ ያሉ ጓደኞቹን በስልክ ማግኘት ጀምሮ ይሆናል። የሚለውን ሰምተሽ አስተካክዪ።

አንቺም ራስሽን አንድ ነገር ጠይቂ። 6 ሰዓት ሲቃረብ የሣልሽውን ልታሳዪው ትቸኩያለሽ ወይስ እግርሽ ይከብዳል? ቢከብድሽ፣ ማክሰኞ ከሥራ ስትወጪም በሩ ላይ ቆሞ ስታዪው ልብሽ ጭልም የሚል ከሆነ፣ ጉዳዩ ከሥዕል አልፏል። ለዚያ የትዳር አማካሪ ጋ አብሮ መሄድ ያስፈልጋል።

በር ላይ መጠበቁንም በዋዛ ማለፍ አልፈለግሁም። ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት ከፍቅር ይመስለኛል፤ ግን «ዛሬ አትጠብቀኝ፣ ራሴ እመጣለሁ» ብትዪው ምን ይሆናል? «እሺ» ብሎ ካለፈው፣ ቢያኮርፍም እንኳ፣ የጻፍሁልሽ ሁሉ ይሠራል። ስልክሽን የሚፈትሽ፣ ተከትሎ የሚመጣ፣ ደመወዝሽን የሚይዝብሽ ወይም የሚያስፈራራሽ ከሆነ ግን ስለ ውሸቱ ብቻሽን ተቀምጠሽ አትንገሪው። መጀመሪያ ከቤተሰብ የምታምኚውን ሰው አማክሪ፤ በክፍለ ከተማሽም የሴቶችና ሕፃናትን ጉዳይ የሚከታተለው ጽሕፈት ቤት አለ።

የቀረችው ጓደኛሽ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ የተተወችው እሷም ናትና፣ ቅዳሜው ሲፈቀድ ምንም እንዳልተፈጠረ «ነይ ቡና እንጠጣ» ብለሽ እንዳትደውዪላት። ባልሽን ሰበብ ሳታደርጊ፣ «እኔ ነኝ የጠፋሁት፤ ናፍቀሽኛል» በያት። ተቀይማ ይሆናል፤ እስከነጭራሹ ሌላ የቅዳሜ ልማድ አውጥታም ይሆናል። እንዲያ ከሆነ ለእሷ የሚመቻትን ቀን ጠይቂያትና ቅዳሜውን ለሥዕሉ ብቻ ተዪው።